የእማማ ድምፅ፣ ፍሪጁ እና የሚኒባሱ ክላክስ

እማማ፣ የእናቴ እናት፣ ስለ ወጣትነታቸው ተጠይቀው የሚያወሩ ሰው አይደሉም። ሲያሰኛቸው ብቻ ነው። አንድ እሁድ ከቡና በኋላ አሰኛቸው። እኔም ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መቅጃውን ነካሁት። 47 ደቂቃ አወሩ።

ማታ በኢርፎን ስሰማው ሆዴ ቁርጥ አለ። እማማ የውኃ ታንከር ውስጥ ገብተው የሚያወሩ ይመስላሉ። ከጀርባ ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ሲኒ ይንቃጨላል። ከሁሉ የምወደው ቦታ ላይ ደግሞ ሚኒባስ ክላክሱን ይለቀዋል።

"ድጋሚ ያውሩልኝ" ብላቸው "ነገርኩህ እኮ!" አሉኝ። በሳምንቱ እንደምንም ብለው አወሩ። ግን ያ ሁሉ ታሪክ በ9 ደቂቃ አለቀ፤ መሳቁም ማልቀሱም ቀረ። ስለዚህ ያለኝ አማራጭ የመጀመሪያውን ቅጂ ማትረፍ ነበር። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ሠርግ ላይ ሙዚቃ ይገባበትና ኢኮው አይታወቅም። እዚህ ግን የሚሸፍነው ነገር የለም።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ሳሎኑ የኮንዶሚኒየም ነው። ግድግዳው ልሙጥ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መጋረጃው ስስ። አንዴ ቢያጨበጭቡበት ጭብጨባው ግድግዳና ግድግዳ መሀል ሲንጫጫ ይሰማል። ስልኩ ደግሞ ከእማማ አፍ 1 ሜትር ከ20 ይርቅ ነበር። የክፍሉ ኢኮ ስልኩን እዚህም ብናስቀምጠው እዚያ መጠኑ ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ከአፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ነው። ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ስልኩን 20 ሳንቲሜትር ላይ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ድምፃቸው ከኢኮው አንጻር ከተቀዳው ይልቅ በ15 ዴሲቤል ያህል ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሳምንት ሙሉ ለፍቼ ይህን የሚያህል ለውጥ አላገኘሁም።

የሠራሁት በAudacity ነው። ነፃ የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕም ላይ ይሠራል። ፋይሉን ወደ ዋቭ ቀይሬ፣ ዋናውን ሌላ ቦታ አስቀምጬ፣ ደካማውን ድምፅ በሚቀንሰው `Noise Gate`፣ ባጭሩ ጌት፣ ጀመርኩ።

ጌትን ጥበቃ እንደቆመበት በር አስቡት። ድምፁ ከተወሰነ ልክ በላይ ሲሆን በሩ ይከፈታል። ከልኩ ሲያንስ ይዘጋል። ጥበቃው የሚያየው ጉልበት ብቻ ነው፤ የገባው ቃል ይሁን የበር ድምፅ አይለይም። በሩ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ተግተልትሎ ይገባል፦ ድምፁም፣ ኢኮውም፣ ፍሪጁም። ስለዚህ ጌት ሰው እያወራ ሳለ ያለውን ኢኮ አይነካም። የሚነካው ንግግሩ ቆም ሲል የሚንጠለጠለውን ጭራ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሁለት ምሽት ይተርፈኝ ነበር።

ያኔ ስላላወቅኩ በሩን በኃይል ዘጋሁት። ልኩን -30 ዴሲቤል ላይ ሰቀልኩት፣ የሚቀንሰውን መጠን -60 አደረግኩ። ሌላውን እንዳለ ተውኩት። ውጤቱ ከበፊቱ ባሰ። እማማ ሲያወሩ ታንከር ውስጥ ናቸው፤ ዝም ሲሉ ዓለም ሁሉ ጭር ይላል። እንደገና ሲጀምሩ ታንከሩና ፍሪጁ ዘለው ይመጣሉ። ጆሮ ጭርታውን ለምዶ ስለሚጠብቅ ኢኮው ይበልጥ ጎልቶ ተሰማኝ።

የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ ያገኘሁትም በአንዲት ቀላል ብልሃት ነው። ዋናውን ቅጂ ከላይ፣ በጌት ያለፈውን ከታች አደረግኩ። ታችኛውን `Invert` በሚለው ገለበጥኩትና ሁለቱን አብሬ አጫወትኳቸው። ሁለቱም ላይ እኩል ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የሚሰማው ጌቱ የወሰደው ብቻ ይሆናል። ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ካደረጉት በኋላ ግን አይሠራም፤ ከዚያ በፊት ነው መሞከር ያለበት።

ፍሪጅና ኢኮ እሰማለሁ ብዬ ነበር። እነሱማ አሉ። ግን መሀል መሀሉን እማማ አሉበት። "...ም።" ዝምታ። "...ች።" ዝምታ። "...ም።" የዓረፍተ ነገሮቻቸው መጨረሻ ተቆራርጦ እዚያ ተጠራቅሟል። ወደ ጸዳው ቅጂ ተመልሼ ሳዳምጥ "ሄደች" ያሉት "ሄደ" ሆኗል። "አላየሁትም" ያሉት ምኗ ጠፍታ "አላየሁት" ላይ ተንጠልጥሏል። ታሪኩን ስለማውቀው ጆሮዬ እየሞላልኝ ሁለት ምሽት ሙሉ አላስተዋልኩም ነበር።

ለካስ ነገሩ የቋንቋችን ጠባይ ነው። በአማርኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማን እንደሄደ፣ ሄደ ወይስ አልሄደም የሚለው የመጨረሻዋ ፊደል ላይ ይንጠለጠላል። የሰው ትንፋሽ የሚያልቀውም እዚያው ነው። እማማ ደግሞ የ80 ዓመት ሰው ናቸው፤ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ቤቱን ይሞሉታል፣ ሲጨርሱ ለራሳቸው ያህል ነው የሚናገሩት። ጌቱ ደካማውን ቁረጥ ተብሏልና ቆረጠ።

ለክቼ አየሁት። ደከም ብላ የተነገረች "ም" -39 አካባቢ ላይ ትቀመጣለች። ከጠንካራ ቃል በኋላ የሚቀረው ኢኮ ግን -28 ላይ ይጀምራል። ማለትም ኢኮው ከፊደሏ ይጎላል። ኢኮውን ቆርጦ "ም"ን የሚያስቀር ልክ የለም። ስለዚህ ኢኮውን ተከትዬ ልክ መምረጤን ተውኩና ከደካማዋ "ም" ሥር ገባሁ፤ -42። ፍሪጁ -49 ላይ ስለነበር ከእሱ በላይ ነኝ።

ሌላም ወጥመድ ነበር፤ ጠብቆ የሚነገር ፊደል። "ጠጣ" ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። ሁለተኛው "ጣ" ከመፈንዳቱ በፊት ምላስ ታትማ ድምፅ የሚቆምባት ቅጽበት አለች። እማማ ረጋ ብለው ስለሚያወሩ ያቺ ቅጽበት አንዳንዴ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ትደርሳለች። የፕሮግራሙ `Hold`፣ ድምፁ ከልኩ ከወረደ በኋላ በሩ ሳይዘጋ የሚቆይበት ጊዜ ማለት ነው፣ ሳልነካው 50 ሚሊ ሰከንድ ላይ ነበር። ጌቱ ቃሉ ያለቀ መስሎት መሀል ላይ መዝጋት ይጀምራል፤ ወዲያው "ጣ" ሲፈነዳ ደንግጦ ይከፍታል። "ጠ... ጣ"። የሚንተባተብ ሰው ይመስላል። ቆይታውን 200 ላይ ሳደርገው መንተባተቡ ጠፋ።

በመጨረሻ ያጸናሁት ይህ ነው፦

```
Gate threshold (dB): -42
Level reduction (dB): -12
Attack (ms): 10
Hold (ms): 200
Decay (ms): 350
```

ቁጥሮቹን እንዳሉ አትቅዷቸው፤ የእኔ ቅጂ፣ የእኔ ሳሎን ናቸው። የሚያስፈልገው አካሄዱ ነው። ከቅጂው በጣም ደክሞ የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፣ መጨረሻውን ለኩ፣ ልኩን ሁለት ሦስት ዴሲቤል ከሥሩ አድርጉ። የቅናሹን -12 የመረጥኩት በሩ ገርበብ እንዲል እንጂ እንዲከረቸም ስላልፈለግኩ ነው። ክፍሉ ርቆ ይሰማል እንጂ አይጠፋም። `Decay` 350 ሲሆን ጭራው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሲቆረጥ አይሰማም። አሁን የተወሰደውን ብቻ ሳዳምጥ ፍሪጅና የኢኮ ትራፊ ነው ያለው። ፊደል የለም። ሁለት ቦታ ብቻ "ም" ተቆርጣ ስለነበር እነዚያን ቦታዎች ከጌቱ በፊት በእጅ 4 ዴሲቤል ከፍ አደረግኳቸው።

ኢኮውስ? እውነቱን ለመናገር ቀነሰ እንጂ አልሄደም። እንዲህ ልል በተደረገ ጌት የሚያልቀው የጭራው ጭራ ነው። ትንሽ ያገዘኝ 400 ሄርትዝ አካባቢ 3 ዴሲቤል መቀነሴ ነው። የታንከሩ ድምፅ በብዛት የተጠራቀመው እዚያ ነበር። ከ3 በላይ ሳወርደው ግን የእማማ ድምፅ ራሱ ሳሳ።

ከዚህ በኋላ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። 18ኛው ደቂቃ ላይ ፍሪጁ ድም ብሎ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የጀርባው ድምፅ ከ-49 ወደ -57 ይወርዳል። ጌቱን በሙሉ ቅጂው ላይ አንድ ዓይነት ካስኬድኩት የመጀመሪያው ክፍል ዝምታና የሁለተኛው ክፍል ዝምታ አይመሳሰሉም፤ ሰው ሌላ ቤት የገቡ ይመስለዋል። ስለዚህ ቅጂውን 18ኛው ደቂቃ ላይ ለሁለት ከፈልኩት። ሁለተኛው ላይ ቅናሹን -6 ብቻ አደረግኩ። ያኔ የመጀመሪያው ዝምታ -61፣ ሁለተኛው -63 ላይ አረፈ። ጆሮ ይህን አይለይም። እማማ እያወሩ ሳለ የሚሰማውን የፍሪጅ ጉርምርምታ ደግሞ 100 ሄርትዝ ላይ በጠባቡ ቀነስኩት። የእኛ መብራት 50 ሄርትዝ ስለሆነ የሞተር ጉርምርምታ 100 ላይ፣ ከዚያም 200 እና 300 ላይ ይወጣል። 200ውን አልነካሁም፤ የእማማ ድምፅ የሚያርፈው እዚያው ሰፈር ነው።

አሁን ወደ ክላክሱ ልምጣ። ለዚህ ጌት ምንም አይሠራም፤ ክላክሱ ከእማማ ድምፅ እኩል ይጮሃልና።

Audacity ላይ የትራኩን ስም ተጭኖ `Spectrogram` የሚለውን ሲመርጡ ድምፁ በሥዕል ይመጣል። ወደ ቀኝ ጊዜ፣ ወደ ላይ ቅጥነት፣ ደመቅ ያለው ጎላ ያለ ድምፅ ነው። ሰው ሲያወራ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ መስመሮች ይታያሉ፤ ግን ይወዛወዛሉ። ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ። የማሽን ድምፅ እንዲህ አይደለም። ክላክሱ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። የእኔው የመጀመሪያ መስመሩ 420 ሄርትዝ ላይ፣ ከዚያ 840፣ ከዚያ 1260 እያለ ይወጣል። እማማ "አያትህን መርካቶ ነው ያየሁት" ሲሉ ልክ "መርካቶ" ላይ ይጀምራል፤ ሰባት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይቆያል።

መጀመሪያ ከ400 እስከ 1300 ያለውን በሙሉ በአንድ ሳጥን መርጬ አጠፋሁት። ክላክሱ ጠፋ። መርካቶም አብሮ ጠፋ። የቀረው በግድግዳ በኩል የሚሰማ ጉርምርምታ ነው። የሰው ድምፅ አናባቢውን የሚይዘው እዚያው መሀል ላይ ስለሆነ ሳጥን ሙሉ ማውጣት ቃሉን ማውጣት ነው።

በሁለተኛው ሙከራ መስመሩን እያንዳንዷን ለብቻዋ ያዝኩ። መጀመሪያ የስፔክትሮግራሙን `Window size` ወደ 4096 ከፍ አደረግኩ። ቁጥሩ ሲበዛ መስመሮቹ ቀጭንና ጥርት ያሉ ይሆናሉ፣ ጊዜው ግን ይደበዝዛል። ክላክስ ስለሚረዝም ጊዜው ቢደበዝዝ ግድ የለም። ከዚያ በየመስመሩ ላይና ታች 20 ሄርትዝ ያህል ብቻ እየመረጥኩ `Spectral Edit Parametric EQ` በሚለው 18 ዴሲቤል ቀነስኩ። ማጥፋት ሳይሆን መቀነስ። እማማ ከሥር ሲያልፉ መስመራቸው የክላክሱን መስመር የሚያቋርጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ምርጫውን አቋርጬ ዘለልኩት። ክላክሱ ለቅጽበት ብቅ ቢል ይሻላል፣ "ካ" ከምትጎድል።

ሰምቼው ግን ገና ነው። ቃሉ ካለቀ በኋላ አንድ የሚያፏጭ መንፈስ ይቀራል። ሥዕሉን ሳጎላው ገባኝ፤ ክላክሱ ቆሟል፣ ኢኮው ግን አልቆመም። መስመሮቹ ከቆሙበት ቦታ እየደበዘዙ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይቀጥላሉ። ኢኮ ባለበት ክፍል የምታጠፉት ድምፅ ሁሉ ጭራ አለው። ምርጫዬን እስከ ጭራው ጫፍ አስረዘምኩት፤ ቅናሹን እዚያ ላይ 10 አደረግኩት።

ስቱዲዮ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ እሱ ጋ iZotope RX የሚባለው የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም አለ። "አምጣው" ብሎኝ ሄድኩ። እዚያ `Spectral Repair` ውስጥ `Attenuate` የሚባለው የተመረጠውን ቦታ ከዙሪያው ጋር እያስተያየ ደማቁን ብቻ ያወርዳል። ሁለት ሰዓት የፈጀብኝን በአምስት ደቂቃ ሠራው፣ ከእኔም ይጠራል። `Replace` የሚለውን ግን እንዳይነካብኝ ለመንኩት። እሱ የተመረጠውን አውጥቶ ከግራና ከቀኙ በመነሣት አዲስ ድምፅ ይሞላል። ዝምታ ላይ ያረፈ ጩኸት ሲሆን ሸጋ ነው። ቃል ላይ ሲሆን ግን እማማ ያላሉትን "ማለት ነበረባቸው" ብሎ ግምት ማስገባት ነው። የቤተሰብ ታሪክ ላይ ይህን አልፈልግም።

ሲኒው ይቀላል። ማንኪያ ሲኒ ሲነካ ሥዕሉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ክር ይታያል፤ ከእሱ ቀጥሎ ላይኛው በኩል ቀጫጭን መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ። ለዚህ `Window size` ወደ 512 ማውረድ ያስፈልጋል። አጭር ድምፅ ስለሆነ ጊዜው መጥራት አለበት። እማማ ዝም ባሉበት ያረፈውን ሲኒ ቆርጬ ከዚያው አካባቢ የወሰድኩትን የክፍሉን ዝምታ ለጠፍኩበት። ባዶ ዝምታ ከለጠፉ ጉድጓድ ይሆናል፤ ሰው "ምን ሆነ?" ይላል። ለዚህ ብዬ ማንም የማያወራበት ሁለት ሰከንድ ከፍሪጁ ጋር፣ ሁለት ሰከንድ ያለ ፍሪጁ ለብቻ አስቀምጬ ነበር። ቃል ላይ ያረፈውን ደግሞ ከ3000 ሄርትዝ በላይ ያለውን ብቻ ትንሽ ቀነስኩ። ጥቂቶቹን ትቻቸዋለሁ። ቡና ጠጥተን ነው ያወራነው፤ ሲኒ ቢሰማ ምን አለበት?

በኋላ ሁሉንም ከመጀመሪያ ደግሜ የሠራሁት በቅደም ተከተሉ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ዙር ድምፁን በኮምፕረሰር አጎላሁ፣ ከዚያ ጌት፣ ከዚያ ክላክስ። ተሳስቻለሁ። ኮምፕረሰር ጎላ ያለውን ተጭኖ ሁሉንም ወደ ላይ ሲያነሣ ኢኮውና ፍሪጁ ወደ ድምፃቸው ይጠጋሉ፤ ጌቱ የሚለይበት ክፍተት ይጠባል። ጌት ከሲኒው በፊት ሲሆን ደግሞ ሲኒው በተንኳኳ ቁጥር በሩ ይከፈትለታል፤ ፍሪጁም አብሮ ብቅ ይላል። በሁለተኛው ዙር ክላክስና ሲኒውን አጸዳሁ፣ 100 ሄርትዙን ቀነስኩ፣ ከዚያ ጌት አስገባሁ። ማጉላቱን በስተመጨረሻ፣ ለዚያውም በጥቂቱ።

ያቺን የ9 ደቂቃ ሁለተኛ ቅጂ የቀዳሁት ፍሪጁን ከሶኬት ነቅዬ፣ ከእማማ ጀርባና ፊት ለፊት ሁለት ጋቢ ሰቅዬ፣ ስልኩን መጽሐፍ ላይ ደርድሬ አፋቸው ሥር አድርጌ ነው። ምንም አልሠራሁባትም። ጌትም አላስፈለጋት። ታሪኩ ግን እዚያ የለም።

የተሠራውን ሜሪላንድ ላለችው አክስቴ ላክሁላት። ታሪኩን ሰምታው አታውቅም፤ ስለዚህ የሚጎድለውን ከራሷ አትሞላም። "ያልሰማሽው ቃል ካለ ደቂቃውን ጻፊልኝ" አልኳት። በማግስቱ ደወለች።

"ሁሉንም ሰማሁት። ግን መርካቶ ሲሉ ከኋላ መኪና አለ አይደል?"

"አለ። ትንሽ ቀርቷል።"

"ተወው። እኔ መርካቶ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ነው የመሰለኝ።"